ውሃው የት ሄደ? የአንድ የልጆች ስክሪፕት ትውውቅ

ለትንንሽ ልጆች ሳይንስ የሚያስረዳ የሦስት ደቂቃ አኒሜሽን ስክሪፕት በእጅ ሲያዝ ቅር ያሰኛል። ገጹ ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ በኩል የሚታየው፣ በቀኝ በኩል የሚሰማው ይጻፋል። ግራው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቀኙ ግን ባዶ ነው ሊባል ምንም አልቀረው። «ሸሚዙ እርጥብ ነው። ሸሚዙ ተሰጣ። ሸሚዙ ደረቀ። ውሃው የት ሄደ?» ይልና ከዚያ በታች ለ15 ሰከንድ አንድም ቃል የለም። ሥራውን ያዘዘው ሰው ወረቀቱን አገላብጦ «በቃ? ይሄ ብቻ?» ቢል አይፈረድበትም። ክፍያው በቃል ብዛት ቢሆን ኖሮ ይህ ሙያ ጦም ያሳድር ነበር።

ሙያው ግን አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው አልቤር ባሪዬ እ.ኤ.አ. በ1987 «ከዕለታት አንድ ቀን… ሕይወት» የተባለውን ባለ 26 ክፍል አኒሜሽን ለቴሌቪዥን አቀረበ። በዚያ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳት የኦክስጅን አረፋ በጀርባቸው ተሸክመው በደም ሥር ውስጥ ይጓዛሉ። የዕለቱ ርዕስ ልብም ይሁን ሳንባ ወይም ጡንቻ፣ አረፋ የተሸከመው ቀይ ፍጡር ብቅ ሲል ልጁ ማን እንደሆነ ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኛም ዘንድ ብሩክታዊት ጥጋቡና ሼን ኤትዘንሃውዘር እ.ኤ.አ. በ2005 ባቋቋሙት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተሠራው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» አለ፤ ፀሐይ የተባለችው አሻንጉሊት ቀጭኔ ለስንት ልጅ የመጀመሪያዋ አማርኛ ተናጋሪ የቴሌቪዥን ጓደኛ ሆናለች። አንዱ በሥዕል፣ ሌላው በአሻንጉሊት የተሠራ ነው፤ የተመልካቾቻቸው ዕድሜም ይለያያል። የሚያመሳስላቸው ልጁ የሚያውቀው መልክ ደጋግሞ መምጣቱ ነው።

ይህ የሚመጣና የሚመለስ መልክ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከላይ የጠቀስኩትን ሸሚዝ እንያዝ። ተመልካቾቻችን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት የሆኑ ልጆች ናቸው። ርዕሱ ትነት ነው፤ ቃሉ ራሱ ግን በስክሪፕቱ ውስጥ የለም።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ልጆቹ ስለ ጉዳዩ ቀድሞውኑ አሳብ ያላቸው መሆኑ ነው። ቫርዳ ባር የተባለች እስራኤላዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989፣ በኋላም በ1994 ከይጋል ጋሊሊ ጋር ባሳተመቻቸው ጥናቶች፣ ልጆች የደረቀ ውሃ የት እንደደረሰ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ከዕድሜያቸው ጋር በተራ እንደሚለወጥ አሳይታለች። ትንንሾቹ ውሃው ጠፋ ይላሉ፤ በቃ፣ የለም። ከፍ ያሉት ወለሉ ወይም መሬቱ ጠጣው ይላሉ። ውሃው ሳይጠፋ በማይታይ መልክ አየር ውስጥ አለ የሚለው መልስ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ የሚጻፈው ባዶ ሰሌዳ ላይ አይደለም። «ጠፋ» እና «መሬት ጠጣው» የሚሉት ሁለት መልሶች ተቀምጠው ይጠብቁታል።

ሁለተኛው መልስ ለሸሚዛችን አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት አለበት። እርጥብ ሸሚዝ ያንጠባጥባል፣ የተንጠባጠበውንም መሬት ይጠጣዋል። ልጁ ይህን በቤቱ ግቢ ስላየ ልክ ነው። ታዲያ ሸሚዙ ከመሰጣቱ በፊት ጠብታ እስኪያጣ ድረስ ይጨመቃል፤ ከሥሩም ቀይ ሳፋ ይቀመጣል። ሳፋው እስከ መጨረሻው ደረቅ ነው። ተራኪዋ ስለ ሳፋው ምንም አትልም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሸሚዙ ከደረቀ በኋላ፣ ካሜራው ወርዶ ባዶውን ሳፋ ያሳያል። «መሬት ጠጣው» የሚለው መልስ እዚያ ላይ በሥዕል ይዘጋል፤ በቀኙ ዓምድ አንድ ቃል ሳይወጣበት። የግራው ዓምድ ለምን እንደሚሞላ ይህ አንዱ ምክንያት ነው።

«ጠፋ» የሚለውን ለመዝጋት ግን የማይታየውን ማሳየት ያስፈልጋል፤ ምሳሌያዊው ሥዕል የሚገባውም እዚህ ነው። ውሃ ከጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው፤ በአንዲት ጠብታ ውስጥ ከሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ አሉ። እኛ ሠላሳ እንሥላለን። ስማቸውን «የውሃ ፍሬ» ብያቸዋለሁ። ፍሬ ያልኩት ልጁ ፍሬ ስንዴ፣ ፍሬ ሽምብራ ሲባል ስለሚሰማ ነው፤ ስንዴ ማለት ፍሬዎቹ ናቸውና «ፍሬዎቹ ውሃ ውስጥ ይኖራሉ» ወደሚል አሳብ አይወስደውም። ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም። ትልልቅ ተማሪዎች ሳይቀሩ ጥቃቅኖቹ ውሃ ውስጥ እንደሚዋኙ፣ በመካከላቸውም ሌላ ውሃ ያለ ይመስላቸዋል። የስሕተቱ አንዱ ምንጭ ሥዕል ነው፦ ሰማያዊ መደብ ላይ የተበተኑ ነጠብጣቦች። በእኛ ሥዕል ካሜራው ሲጠጋ ሰማያዊው ራሱ ተበጣጥሶ ፍሬ ይሆናል፤ በፍሬዎቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ነው፤ የገጹ የወረቀት ቀለም።

ካሜራው እንዴት እንደሚጠጋም ሌላ ጥያቄ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጁዲ ዴሎች እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመችው ጥናት ለዚህ ሥራ ዓይን ከፋች ነው። ለሁለት ዓመት ተኩልና ለሦስት ዓመት ልጆች አንድን ክፍል የሚመስል ትንሽ የክፍል አምሳያ ታሳያቸዋለች። በአምሳያው ውስጥ ትንሿን አሻንጉሊት ከትንሹ ሶፋ ጀርባ ስትደብቅ እያዩ፣ ትልቋ አሻንጉሊት በትልቁ ክፍል እዚያው ቦታ እንደተደበቀች ትነግራቸዋለች። የሦስት ዓመቶቹ አብዛኞቹ ትልቁ ክፍል ገብተው በቀጥታ ያገኟታል። የሁለት ዓመት ተኩሎቹ አብዛኞቹ አያገኟትም። በአምሳያው ውስጥ የት እንደተደበቀች ግን አልረሱም፤ ሲጠየቁ ያስታውሳሉ። የጎደላቸው አንዱ ነገር ሌላውን እንደሚወክል ማየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ዴሎች ከኬቨን ሚለርና ከካርል ሮዘንግረን ጋር ሆና ብልሃቱን ለወጠችው። ለሁለት ዓመት ተኩል ልጆች መብራት የሚያብለጨልጭ መሣሪያ አሳይተው፣ ይህ ማሽን ነገሮችን ያሳንሳል አሏቸው። ልጆቹ ወጣ ብለው ሲመለሱ ትልቁ ክፍል «አንሷል»፤ ያው አምሳያው ቆሟል ማለት ነው። አሁን አብዛኞቹ ልጆች በትልቁ ክፍል ስትደበቅ ያዩዋትን አሻንጉሊት አገኟት። ውክልና መረዳት አላስፈለጋቸውም፤ በእነሱ ዘንድ ትንሹም ትልቁም አንድ ክፍል ነው።

የእኛ ተመልካቾች ከእነዚያ ልጆች በዕድሜ ይበልጣሉ። የውሃ ፍሬ ግን ከአሻንጉሊት ክፍል እጅግ የራቀ ነገር ስለሆነ ትምህርቱን ወደ እነሱም መሻገር ይቻላል ባይ ነኝ። ስለዚህ ከሸሚዙ ወደ ፍሬዎቹ የምንሄደው ቆርጠን አይደለም። ካሜራው ሸሚዙን፣ ከሸሚዙ እጅጌውን፣ ከእጅጌው ክሩን፣ ከክሩ ላይ ያለችውን ጠብታ፣ ከዚያም ጠብታዋ ፍሬ ስትሆን እያሳየ ሳያቋርጥ ይገባል። መግቢያው አሥር ሰከንድ ይፈጃል፤ ለሦስት ደቂቃ ፊልም ብዙ ነው። ፕሮዲዩሰሮች መጀመሪያ የሚያሳጥሩትም ይህንኑ ነው። ሲያሳጥሩት የሚሆነውም ይታወቃል፦ ልጁ ሸሚዝ አየ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ኳሶች አየ፤ ሁለት ፊልም አየ። መውጫውም እንደ መግቢያው ነው፤ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ድምፅ፣ ወደ ኋላ።

ከገባን በኋላ የሚሆነው ሁሉ በሦስት ግሥ ያልቃል፦

ሥዕል፦ ሠላሳ ፍሬዎች ተጠጋግተው። ቀስ ብለው ይነቃነቃሉ።
ተራኪ፦ የውሃ ፍሬዎች ተጣበቁ።
ሥዕል፦ ከቀኝ በኩል ብርሃን ይገባል። ፍሬዎቹ ይበልጥ ይነቃነቃሉ። አራት ሰከንድ ዝምታ።
ተራኪ፦ የውሃ ፍሬዎች ተንቀጠቀጡ።
ሥዕል፦ ከዳር ያለ አንድ ፍሬ «ጠቅ» ብሎ ይለያል። ሌላ ይከተላል። ሌላ።
ተራኪ፦ የውሃ ፍሬዎች ተላቀቁ።

ተጣበቁ፣ ተንቀጠቀጡ፣ ተላቀቁ። ሳይንሱ ሲታይ አይዋሽም። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ ሁልጊዜም ይንቀሳቀሳሉ፤ ሙቀት ሲጨምር እንቅስቃሴያቸው ያይላል፤ ከገጹ ላይ ያሉት ፈጣኖቹ ስበቱን አሸንፈው ይወጣሉ። ለዚህ መፍላት አያስፈልግም። ፍሬዎቹ ከመሃል ሳይሆን ከዳር መላቀቃቸውም ሆን ተብሎ ነው፤ ትነት የገጽ ሥራ ነውና። ልጁ ይህን አሁን ልብ አይለውም። የሰባተኛ ክፍል መምህሩ ግን የሚያፈርሰው ነገር አይኖረውም።

«ተጣበቁ» ከማለት «ተያያዙ» ብሎ ለፍሬዎቹ እጅ መሣል አይሻልም ወይ? እጅ ለእጅ የተያያዙ ፈገግተኛ ፍሬዎች በእርግጥ ያምራሉ፤ ሠዓሊውም ይወዳቸዋል። ነገር ግን እጅ ያለው ነገር ይፈልጋል፣ ይደክመዋል፣ ይኮርፋል። ልጁ «ለምን ተላቀቁ?» ሲባል «ስለደከማቸው» ካለ ፊልሙ ያስተማረው ስለ ሙቀት አይደለም። ፓትሪሺያ ጋኔያና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች ስለማያውቋቸው እንስሳት የሥዕል መጽሐፍ አነበቡላቸው፤ ለአንዳንዱ እንስሳው እንደ ሰው እያሰበ እየተናገረ፣ ለአንዳንዱ እንደ እንስሳነቱ። እንደ ሰው በተተረከላቸው ጊዜ ልጆቹ ስለ እንስሳው የያዙት እውነታ ያነሰ ሆነ፤ የሰውን ጠባይ ለእንስሳው መስጠታቸው ደግሞ ጨመረ። ባሪዬ ሕዋሳቱን ሰው አድርጎ ብዙ ልጅ ማረከ፤ አልፈርድበትም። በሸሚዙ ላይ ግን ፍሬዎቹ ዓይንም አፍም እጅም የላቸውም። ፈገግታ ከተፈለገ ሸሚዙን የምታሰጣው ልጅ ትፈግግ።

አጭር ዓረፍተ ነገር ሲባል ሰው የሚመስለው ቃል መቀነስ ነው። በአማርኛ ጉዳዩ ከዚያ ይለያል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ገላጩንም ከስሙ በፊት ይደረድራል። «ጠዋት ገመዱ ላይ ያሰጣነው ሸሚዝ ውስጥ የነበረው ውሃ ፀሐይዋ ስታሞቀው ወደ አየር ሄደ» ብንል ጤናማ አማርኛ ነው፤ አያትም ልትለው ትችላለች። ነገር ግን ስለ ውሃ እየተወራ መሆኑ የሚታወቀው ከስምንተኛው ቃል ላይ ነው፤ ውሃው ምን እንደሆነ ደግሞ ከመጨረሻው። ሥዕሉ እስከዚያ ምን ያሳይ? ገመዱን? ጠዋቱን? ልጁ ዓይኑ አንድ ቦታ፣ ጆሮው ሌላ ቦታ ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ ደንቡ የቃል ቁጥር ሳይሆን ይህ ነው፦ አንድ ግሥ፣ አንድ እንቅስቃሴ፣ አንድ ሥዕል። ግሡ ሲሰማ እንቅስቃሴው ይታያል፤ ቀድሞም አይደለም፣ ዘግይቶም አይደለም። ድምፁ ቀድሞ የሚቀረጸውና ሥዕሉ በድምፁ ላይ የሚለካው ለዚህ ነው።

አማርኛ ሌላም ወጥመድ አለው። አንድ ግሥ ብቻውን ዓረፍተ ነገር መሆን ይችላል፦ «ሞቀ። ተነሳ። ሄደ።» ለጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን ይጥማል? ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ማን ሞቀ? ሸሚዙ? ውሃው? አየሩ? ሦስቱም በስክሪኑ ላይ አሉ፤ ግሡም ለሦስቱም አንድ ነው። በዚህ ምክንያት «የውሃ ፍሬዎች» የሚለው ባለቤት በየዓረፍተ ነገሩ ይደገማል። ድግግሞሹ አዋቂን ያሰለቻል፤ አርታኢም በቀይ ሊሰርዘው ይቃጣል። መጨረሻ ላይ፣ ልጁ ማን ማን እንደሆነ ካወቀ በኋላ ብቻ፣ ባለቤቱ ወርዶ ሦስቱ ግሦች ለብቻቸው ይቀራሉ፤ ልጁም አብሮ ይላቸዋል። «ተነስቶ፣ ሄዶ፣ ገብቶ» እያለ የሚያያይዘው የተረት አነጋገርም ቦታው እዚህ ነው፤ ሁኔታዎችን በቅደም ተከተላቸው ስለሚያሰልፍ ለክለሳ ይመቻል።

ተራኪዋ ልጁን ስታናግርስ? «ታያለህ?» ካለች ሴቶቹ ቀሩ፤ «ታያለሽ?» ካለች ወንዶቹ። በብዙ ቁጥር «ታያላችሁ?» ይባላል፤ ብቻውን ተቀምጦ የሚያየው ልጅም ጓደኞች ያሉት ይመስለዋል። ፍሬዎቹም ሁልጊዜ በብዙ ቁጥር የሚጠሩት በዚሁ ብልሃት ነው፤ ነጠላው ፍሬ «ሄደች» ከተባለ ትንሽ ልጅ ሆነች፣ ዓይን ሳንሥልላት ሰው አደረግናት።

ስክሪፕቱ ሲያልቅ አደጋው ወደ ሠዓሊዎቹ ይሻገራል። አኒሜሽን የተማረ ሰው ከሁሉ በፊት የሚማረው ነገሮችን መጨፍለቅና መለጠጥ ነው። የዲዝኒ ሠዓሊዎች ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዘረዘሯቸው 12 መርሆዎች የመጀመሪያው ይኸው ነው፤ የሚዘል ኳስ ሲያርፍ ይጨፈለቃል፣ ሲነሳ ይለጠጣል፣ ሕይወት ያለው ይመስላል። እጁ የሠለጠነ ሠዓሊ የሚንቀጠቀጡ ፍሬዎች ስጡት፣ ሳያስብ ያሳብጣቸዋል። እነሆ ልጁ ውሃ ሲሞቅ ፍሬዎቹ ያድጋሉ ብሎ ተማረ፤ እውነታው ግን ፍሬው መጠኑ ያው ሆኖ የሚለወጠው እንቅስቃሴውና ርቀቱ ነው። ስለዚህ በግራው ዓምድ በደማቁ ይጻፋል፦ ፍሬዎቹ አይለጠጡም፣ አይጨፈለቁም፣ አያድጉም፣ ቀለማቸው አይለወጥም።

ሌላው የተላቀቁት ፍሬዎች መድረሻ ነው። ሠዓሊው ወደ ላይ ያስወጣቸውና ከፍሬሙ ጫፍ ያልፋሉ። ለእኛ ወደ ሰማይ ሄዱ፤ «ጠፋ» ለሚል ልጅ ግን ይኸው ጠፉ። ሠላሳዎቹም ተራርቀው፣ በየአቅጣጫው እየተንሳፈፉ፣ በስክሪኑ ላይ መቅረት አለባቸው። ሠላሳ መሆናቸው ቀልድ አይደለም፤ አንዳንድ ልጅ ይቆጥራል። ተራኪዋ «የውሃ ፍሬዎች አሁንም አሉ» ትላለች፣ ከዚያ ካሜራው እየወጣ ሲሄድ ፍሬዎቹ እያነሱ፣ እያነሱ፣ መጨረሻ ላይ አይታዩም፤ ልጅቷ፣ ገመዱና ደረቁ ሸሚዝ ብቻ ይቀራሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሆን ብለን ደብቀናል። አየሩ ራሱ ፍሬዎች አሉት፣ ሥዕሉ ግን ባዶ ያሳያል። በአንድ ፊልም ሁለት ዓይነት ፍሬ ማሳየት ለዚህ ዕድሜ ይከብዳል ብዬ መርጫለሁ፤ የማይስማሙ ባልደረቦች አሉ፣ ክርክራቸውም ውሃ ያነሳል።

ፀሐይን በሚመለከት ደግሞ የሰው ሁሉ አፍ የለመደው «ፀሐይ ውሃውን ሳበችው» ወይም «መጠጠችው» ማለት ነው። በስክሪፕቱ ይህ ክልክል ነው። ፀሐይ ታሞቃለች እንጂ አትስብም፤ ሸሚዝ በጥላም ይደርቃል፣ ዘግይቶ ነው እንጂ። ይህን ለማሳየት ሁለተኛ ሸሚዝ ከቤቱ ጀርባ በጥላ ይሰጣል። ብርሃን የለም፤ ነፋስ አለ። ያው አሥር ሰከንድ መግቢያ፣ ያው ፍሬዎች፣ ያው «ጠቅ»፤ የሚላቀቁት ግን ቀስ እያሉ ነው።

ይህ ሁለተኛ መግቢያ የድግግሞሹ ጅምር ነው። ተከታዩ ክፍል በድስት ክዳን ላይ ነው፦ የተላቀቁት ፍሬዎች ቀዝቃዛው ክዳን ጋ ሲደርሱ ይዘገማሉ፣ እንደገና ይጣበቃሉ፣ ጠብታ ይሆናሉ። ሦስተኛው በረዶ ላይ ነው። በሦስቱም ፍሬው ያው መጠን፣ ያው ሰማያዊ፣ ያው ድምፅ ነው። አዋቂ ሲያዝ «ለለውጥ ያህል በዚህኛው አረንጓዴ ይሁኑ» ይላል። አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ኒክሎዲየን የጀመረው «ብሉስ ክሉስ» አንዱን ክፍል አምስት ቀን በተከታታይ ደግሞ ያሳይ ነበር። አሊሻ ክሮሊ፣ ዳንኤል አንደርሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳተሙት፣ አምስት ጊዜ ያዩት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች አንድ ጊዜ ካዩት የተሻለ ገባቸው፤ ለፊልሙ ጮክ ብለው መመለሳቸውም በየዕለቱ ጨመረ። ልጁ የሚያውቀውን ሥዕል ሲያገኝ ሥዕሉን ለማወቅ የሚያወጣውን ጉልበት ለአዲሱ ነገር ያውለዋል። በክዳኑ ክፍል አዲሱ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ መመለስ።

ፊልሙ ቀለም ከመቀባቱ በፊት በንድፉ፣ ድምፅ ተደርጎበት፣ ለልጆች ይታያል። መጀመሪያ የሚታየው ዓይናቸው ነው። «ሰሳሚ ስትሪት» እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀመር ተመራማሪው ኤድዋርድ ፓልመር ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሥዕሎችን በየጥቂት ሰከንዱ የሚለዋውጥ ፕሮጀክተር አቆመ፤ ልጁ ፊቱን ወደ ሥዕሎቹ ያዞረበት ቅጽበት የፊልሙ ድክመት ሆኖ ተመዘገበ። ዛሬም መስኮት አጠገብ ያስቀመጡት ልጅ ያንኑ ይነግራል። ግን ማየት መረዳት አይደለም። «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅም ዋጋ የለውም፤ «አዎ!» ይላሉ፣ በአንድ ድምፅ፣ ትምህርት ቤት ያስለመዳቸውን።

የሚሻለው ፊልሙ ያላሳየውን መጠየቅ ነው። አንድ እርጥብ መሐረብ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። «ይደርቃል?» ይባላሉ። «አዎ፣ ፀሐይ አለ» የሚለው ልጅ ሙቀትን ይዟል፣ መሄድን አልያዘም፤ ፊልሙ ውስጥ የፍሬዎቹ መራራቅ በቂ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው። «አይደርቅም፣ ፍሬዎቹ መውጫ የላቸውም» ያለው ልጅ ሥዕሉን ተጠቅሞበታል፤ ላስቲክ ስለሚባል ነገር ፊልሙ አንድም ቃል አልነገረውም ነበር። «ፍሬዎቹ ደክሟቸው ሄዱ» ያለ ካለ ደግሞ ሥዕሉ ተመልሶ መታየት አለበት፤ የሆነ ቦታ ሰው ሠርተናል። ከመልሱ በኋላ ከረጢቱን በእጃቸው ይዘው፣ ከውስጥ በኩል ላስቲኩ ላይ የተሰለፉትን ጠብታዎች ያያሉ።

ሥዕሉ እስከ የት ያደርሳል? ደመና ላይ ይደክማል። ከጀበና አፍ የሚወጣው ነጭ ጭስ መሳይ ነገርና ደመናው የተላቀቁ ፍሬዎች አይደሉም፤ የተላቀቀ የውሃ ፍሬ አይታይም። የሚታየው እንደገና የተጣበቁ ፍሬዎች የሠሩት፣ እጅግ ደቃቅ የውሃ ጠብታ ነው። ልጁ ግን ሦስት ክፍል ሙሉ ትንሽ ሰማያዊ ክብ ነገር ፍሬ መሆኑን ተምሯል፤ አሁን ትንሽ ክብ ጠብታ ስናሳየው ፍሬ ነው ይላል። ስለዚህ የደመናው ክፍል የሚጀምረው ከጠብታዋ ነው፤ ካሜራው በዚያው አሥር ሰከንድ መንገድ ወደ ውስጧ ይገባል፣ በውስጧም ፍሬዎች ተጣብቀው ይገኛሉ። ይህ ለሰባት ዓመት ልጆች ይሠራል። ለአምስት ዓመቶቹ ጠብታና ፍሬ ይቀላቀልባቸዋል፤ የደመናውን ክፍል ከእነሱ ዝርዝር አውጥቼ የበረዶውን ደግመው እንዲያዩት አደርጋለሁ።